ኤልኢዲና ሰንሰር ከማይክሮኮንትሮለር ጋር ስታገናኙ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ውስጥ ስንት ውሃ እንደቀረ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጀማሪዎች ESP32 በሚባለው የማይክሮኮንትሮለር ቦርድ ከሚሞክሯቸው ሥራዎች አንዱም ይኸው ነው። ክዳኑ ላይ HC-SR04 የሚባለውን፣ ድምፅ ልኮ እስኪመለስ ባለው ጊዜ ርቀትን የሚለካ ሰንሰር ያስራሉ፤ ውሃው ሲጎድል ቀይ ኤልኢዲ እንዲበራ ያደርጋሉ። ዕቃው ትንሽ ነው። ቦርዱን የሚገድሉት ስህተቶች ግን እዚህችው ትንሽ ሥራ ውስጥ አሉ።

ያለ ሬዚስተር፦ “በርቷል እኮ!”

ኤልኢዲውን በቀጥታ ፒኑ ላይ ብትሰኩት ይበራል። ችግሩም እሱ ነው፤ ስለበራ ልክ ይመስላል። ኤልኢዲ እንደ ተራ አምፖል የሚያስፈልገውን ብቻ ወስዶ አያቆምም። ቀዩ ወደ 2 ቮልት አካባቢ መብራት ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ቮልቴጁ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ከረንቱ በብዙ ይጨምራል። ሬዚስተር ከሌለ ከረንቱን የሚገድበው በቺፑ ውስጥ ያለው ትንሽ ትራንዚስተር ብቻ ነው። የሱ ሥራ ግን ይህ አይደለም።

ስሌቱ አጭር ነው። ESP32 ፒኑ ላይ የሚያወጣው 3.3 ቮልት ነው። ቀዩ ኤልኢዲ 2 ቮልቱን ሲይዝ 1.3 ቮልት ይተርፋል። ለምልክት መብራት 5 ሚሊአምፔር ይበቃል፦

```
R = (3.3 - 2.0) / 0.005 = 260
```

260 ኦም ገበያ ላይ ስለማታገኙ 270 ወይም 220 ውሰዱ። 220 ብትጠቀሙ ወደ 6 ሚሊአምፔር ያልፋል፤ ምንም አይደለም። እጃችሁ ላይ 330 ብቻ ካለም ወደ 4 ሚሊአምፔር ይሆናል፤ ትንሽ ቢደበዝዝም በደንብ ይታያል። አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ግን ፒኑ 5 ቮልት ስለሚያወጣ የሚተርፈው 3 ቮልት ነው። ያው 330 ኦም እዚያ 9 ሚሊአምፔር ያሳልፋል። ስለዚህ ከአንዱ ቦርድ የተቀዳ ቁጥር ሌላው ላይ ያው ውጤት አይሰጥም። መጀመሪያ የምትጠይቁት “ፒኔ ስንት ቮልት ያወጣል?” የሚለውን ነው።

የተሠራው ልክ መሆኑን በመልቲሜትር ታውቃላችሁ። ኤልኢዲው እየበራ በፒኑና በግራውንዱ መካከል ለኩ። ወደ 3.3 የተጠጋ ካሳየ ፒኑ አልተጨነቀም። ወደ 2 ወርዶ ካገኛችሁት ኤልኢዲው ፒኑን ጎትቶታል ማለት ነው። ቶሎ ንቀሉት።

ሰማያዊ ወይም ነጭ ኤልኢዲ በ3.3 ቮልት

እነዚህ ወደ 3 ቮልት ይፈልጋሉ፤ አንዳንዶቹ 3.2። ከ3.3 ላይ ለሬዚስተሩ የሚተርፈው ምንም ያህል አይደለም። ያኔ ከአንድ ከረጢት የወጡ ሁለት ኤልኢዲዎች አንዱ ደምቆ ሌላው ፈዞ ታያላችሁ። ሬዚስተሩን ማውጣት መፍትሔ አይደለም። እኔ ብሆን ለምልክት ቀዩን እመርጣለሁ። የግድ ሰማያዊ ካስፈለገ በ2N2222 ትራንዚስተር ከ5 ቮልቱ አብሩት፤ ለኤልኢዲው 220 ኦም፣ ከፒኑ ወደ ትራንዚስተሩ ቤዝ ደግሞ 1 ኪሎኦም።

የሰንሰሩን ኤኮ በቀጥታ ማስገባት

ከሁሉም የከፋው ይኸኛው ነው። HC-SR04 የሚሠራው በ5 ቮልት ነው፤ ኤኮ በሚባለው እግሩ የሚመልሰውም 5 ቮልት ነው። የESP32 ፒን የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ ደግሞ 3.6 ቮልት ነው። ትርፉ ቮልቴጅ በቺፑ ውስጥ ባለው መከላከያ በኩል ወደ 3.3ቱ መስመር ይገፋል። በመጀመሪያው ቀን ርቀቱ በትክክል ይነበባል። ለዚህም ነው ብዙ ሰው “እኔ ጋ ይሠራል” የሚለው። ጉዳቱ ቀስ እያለ ነው የሚመጣ፤ ቺፑ ይሞቃል፣ ወይም ያ ፒን ምንም ቢሰኩበት አንድ ዓይነት ንባብ ብቻ ይሰጣል።

መፍትሔው በሦስት ባለ 1 ኪሎኦም ሬዚስተር የሚሠራ የቮልቴጅ መከፋፈያ ነው። አንዱን ከኤኮ ወደ ESP32 ፒን አገናኙ። ሁለቱን ቀጥላችሁ ከዚያው ፒን ወደ ግራውንድ አውርዱ። 5 ቮልቱ ለሦስት ይከፈልና ፒኑ ሁለት ሦስተኛውን ያገኛል፦

```
V = 5 x 2000 / (1000 + 2000) = 3.33
```

ማገላበጥ የተለመደ ነው። ሁለቱን ላይ፣ አንዱን ታች ካደረጋችሁ ፒኑ የሚያገኘው 1.67 ቮልት ነው። ESP32 ምልክቱን “አለ” ብሎ በእርግጠኝነት እንዲያነብ ወደ 2.5 ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ ምንም አይቃጠልም፤ ንባቡ ግን ዜሮ ሊሆን ወይም ሊዘባርቅ ይችላል።

ኤኮው የሚያወጣው በጣም አጭር ምት ስለሆነ መልቲሜትር አይዘውም። ስለዚህ ESP32ንም ሰንሰሩንም ሳትሰኩ የኤኮውን ቦታ በሽቦ ከ5 ቮልቱ ጋር አገናኙና መሃሉን ለኩ። 3.3 አካባቢ ካሳየ ሽቦውን አንሱና ቦርዱን ሰኩ። ይህን ሳያደርጉ ቦርድ መሰካት በፍጹም አይገባም።

ስሙ መጨረሻ ላይ P ያለበት፣ HC-SR04P የሚባለው ዓይነት በ3.3 ቮልትም ይሠራል። እሱን ካገኛችሁ በ3.3 አብሉት፤ መከፋፈያውም አያስፈልግም። ሰንሰሩን “ለካ” ብሎ የሚያዘው፣ ትሪግ የሚባለው እግር ግን ከESP32 በቀጥታ ይገናኛል። ባለ 5 ቮልቱ HC-SR04ም ቢሆን 3.3 ቮልቱን አንብቦ ይነሳል። ይህን ለሌላ ባለ 5 ቮልት ዕቃ ሁሉ አታድርጉት፤ WS2812 የሚባሉት ባለቀለም መብራቶች ለምሳሌ 3.5 ቮልት ይጠብቃሉ፤ በ3.3 አንዴ ይሠራሉ፣ አንዴ ያብዳሉ።

ግራውንድ አለማገናኘት

ሰንሰሩን ከሌላ ቻርጀር ካበላችሁት የሁለቱ ግራውንድ መገናኘት አለበት። ካልተገናኘ 5 ቮልት “ከምን አንጻር?” የሚለው መልስ የለውም። ምልክቱ ሽቦ ስትነኩ የሚለዋወጥ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ። ሌላው ቀላል ስህተት ፒን 34፣ 35፣ 36 ወይም 39 ላይ ኤልኢዲ መሰካት ነው። እነዚህ ማንበብ ብቻ ነው የሚችሉት። ምንም ኮድ ብትጽፉ አያበሩም።

ዜሮን እንደ ርቀት መቁጠር

ይኸኛው ሽቦ ላይ ሳይሆን ኮድ ላይ ነው። የኤኮውን ምት ርዝመት የሚለካው `pulseIn` ምልክት ሳይመጣ ጊዜው ካለፈበት 0 ይመልሳል። ሮቶው ባዶ ሲሆን ከሰንሰሩ እስከ ታች 100 ሴንቲሜትር ነው እንበል፤ ኤልኢዲው ከ80 በላይ ሲሆን ይብራ ብለናል። ሽቦው ከተነቀለ ርቀቱ 0 ይሆናል። 0 ደግሞ ከ80 ያንሳል። ኤልኢዲው ይጠፋል፤ ቤተሰቡም “ሮቶው ሙሉ ነው” ብሎ ይተኛል። ስለዚህ ዜሮውን ለይታችሁ ያዙት፦

```cpp
digitalWrite(TRIG, LOW);
delayMicroseconds(2);
digitalWrite(TRIG, HIGH);
delayMicroseconds(10);
digitalWrite(TRIG, LOW);
long t = pulseIn(ECHO, HIGH, 30000);
if (t == 0) {
  digitalWrite(LED, !digitalRead(LED));
} else {
  float cm = t * 0.0343 / 2;
  digitalWrite(LED, cm > 80 ? HIGH : LOW);
}
delay(300);
```

ለሁለት የሚካፈለው ድምፁ ሄዶ ስለሚመለስ ነው። ኤልኢዲው ዝም ብሎ ከበራ ውሃ ጎድሏል፤ ብልጭ ድርግም ካለ ሰንሰሩ አይናገርም። ብልጭ ድርግሙ ጥቂት ቀን ሠርቶ ከጀመረ እርጥበትን ጠርጥሩ። HC-SR04 ውሃ አይችልም፤ የሮቶ ክዳን ሥር ደግሞ እንፋሎት አይጠፋም። ለዘለቄታው JSN-SR04T የሚባለው ውሃ የማያስገባ ዓይነት ይሻላል። እሱ ግን በጣም የቀረበ ነገር ስለማያነብ፣ ሮቶው ሲሞላም ከውሃው ቢያንስ 25 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። በ5 ቮልት ካበላችሁት ያው መከፋፈያ ለእሱም ያስፈልጋል።