በምቱ እየመታችሁ «ግሬት» ሲላችሁ፦ የስቴፕማኒያ የጊዜ ዳኝነት ችግርና መፍትሄ

ስቴፕማኒያ በሚባለው የሙዚቃ ምት ጌም ላይ ቀስቱ ከቋሚው ምልክት ጋር ሲገጥም ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ ጌሙም ወዲያው ይፈርዳል። የሚፈርደው ግን ስክሪኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ አይደለም። ቀስቱ በዘፈኑ ስንተኛ ሰከንድ ላይ መመታት እንዳለበት ከፋይሉ ያውቃል፤ ቁልፉ የተነካበትን ሰዓት ይይዛል፤ ከዚያ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። ብትቀድሙም ብትዘገዩም ዳኝነቱ አንድ ነው፣ የሚቆጠረው ርቀቱ ብቻ ነው።

በተለመደው መለኪያ እስከ 22.5 ሚሊ ሰከንድ ያለው ስህተት «ማርቨለስ»፣ እስከ 45 «ፐርፌክት»፣ እስከ 90 «ግሬት»፣ እስከ 135 «ጉድ»፣ እስከ 180 «ቡ» ነው። ከ180 ካለፈ ቀስቱ «ሚስ» ይሆናል። ቁጥሮቹ Preferences.ini በሚባለው ፋይል ውስጥ በሰከንድ ተጽፈው ይገኛሉ፦

```
TimingWindowScale=1.000000
TimingWindowSecondsW1=0.022500
TimingWindowSecondsW2=0.045000
TimingWindowSecondsW3=0.090000
TimingWindowSecondsW4=0.135000
TimingWindowSecondsW5=0.180000
```

ውጤት ሲበላሽ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚነካው TimingWindowScaleን ነው። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ መስኮቶቹን፣ ማለትም ለየዳኝነቱ የተፈቀዱትን የስህተት ወሰኖች ሁሉ ያሰፋል፣ ስህተቱን ግን ከቦታው አያነሳውም። ስለዚህ 1 ላይ ተዉትና ከታች ካሉት ምልክቶች የእናንተን ለዩ።

ምልክት፦ በሁሉም ዘፈን «ፐርፌክት» እና «ግሬት» ይፈራረቃሉ፣ «ማርቨለስ» የለም

እጃችሁ ወላዋይ ሆኖ ላይሆን ይችላል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ተጫዋች አሥር ቀስቶችን መትቶ የዘገየው በሚሊ ሰከንድ እንዲህ ነው እንበል፦ 38፣ 52፣ 47፣ 31፣ 58፣ 44፣ 49፣ 35፣ 55፣ 41። ከ45 የማይበልጡት አምስቱ «ፐርፌክት»፣ የቀሩት አምስቱ «ግሬት» ናቸው። ለ«ፐርፌክት» 2፣ ለ«ግሬት» 1 በሚሰጠው የዳንስ ነጥብ አቆጣጠር 15 ከ20 ያገኛል ማለት ነው።

አሁን አማካዩን አውጡ፤ ልክ 45 ነው። ከእያንዳንዱ ላይ 45 ስትቀንሱ ትልቁ ስህተት 14 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይሆናል። አሥሩም «ማርቨለስ» ሊሆኑ የሚገባቸው ነበሩ። የዚህ ሰው ምት የተሰበሰበ ነው፤ የተሰበሰበበት ቦታ ብቻ ከመሃል ሸሽቷል። ብዙ ልምምድ አይፈውሰውም፣ ምክንያቱም ጆሮው የሚሰማው ድምፅ ራሱ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን ለያይታችሁ እዩ፦ አማካዩ ከዜሮ ምን ያህል እንደራቀ፣ እና ምቶቹ በአማካዩ ዙሪያ ምን ያህል እንደተበተኑ። የመጀመሪያው የማሽን ጉዳይ ነው፣ ሁለተኛው በአብዛኛው የእጅ።

መፍትሄው ከጌሙ ጋር የመጣ ነው። በደንብ የምታውቁትን፣ ምቱ ጥርት ያለ ዘፈን ክፈቱ። እየተጫወታችሁ F6ን ደጋግማችሁ በመጫን የማሽን ራስ-ማስተካከያው እስኪታይ ሂዱ። ጌሙ 24 ምት ሰብስቦ አማካዩን ያወጣና GlobalOffsetSeconds የሚባለውን የማሽኑን ኦፍሴት፣ ማለትም ለሁሉም ዘፈን የሚሠራውን የጊዜ ማካካሻ ቁጥር ራሱ ያርመዋል። የምቶቹ መበታተን ከ30 ሚሊ ሰከንድ ካነሰ ብቻ ነው የሚያርመው። ካልተቀበለ ዘፈኑ ከብዷችኋል ማለት ነውና ቀለል ያለ ደረጃ መርጣችሁ ድገሙት። ሲሞከር ወደ ድምፁ ምቱ፣ ዓይናችሁ ቀስቱን አይከተል። ቁጥሩን Preferences.ini ውስጥ በእጅ ማረም ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ጌሙን ዝጉ፤ ጌሙ ሲዘጋ ፋይሉን መልሶ ስለሚጽፈው በመሃል ያስገባችሁት ይጠፋል።

ምልክት፦ ጆሮ ማዳመጫ ስትቀይሩ ሁሉም ነገር ይበላሻል

ምክንያቱ ብሉቱዝ ነው። ተራ የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ድምፁን 200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ሊያዘገየው ይችላል፣ ይህ ደግሞ ከ«ቡ» መስኮት ውጭ ነው። እዚህ ላይ ሰውን የሚያሳስት ነገር አለ። ጌሙ ለእያንዳንዱ ምት በዚያው መስመር ላይ በጣም የቀረበውን ያልተፈረደበት ቀስት ነው የሚመርጠው። በደቂቃ 150 ምት ባለው ዘፈን የግማሽ ምት ቀስቶች በ200 ሚሊ ሰከንድ ይለያያሉ። ቀስቶቹ በአንድ መስመር ከተደረደሩ፣ 200 ዘግይታችሁ ለመጀመሪያው ቀስት ያሰባችሁት ምት ሁለተኛው ላይ በትክክል ያርፋል። የመጀመሪያው «ሚስ» ይሆናል፣ ተከታዮቹ ያምራሉ። ቀስቶቹ መስመር ሲቀያይሩ ግን ሁሉም ይፈርሳል፣ ያኔ ተጫዋቹ ጥፋቱን ኪቦርዱ ላይ ያላክካል።

በሽቦ ማዳመጫ ቀይሩ። ኦፍሴቱን ለብሉቱዝ ማስተካከልም ይቻላል፣ ሆኖም መዘግየቱ ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለይ አስተማማኝ አይደለም። የገመድ ማዳመጫ ከጠፋ ብቻ ሞክሩት።

ምልክት፦ አንድ ዘፈን ብቻ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ያሳስታል

ሌሎቹ ደህና ከሆኑ የማሽኑን ቁጥር አትንኩ፤ አንዱን ስታድኑ ሁሉንም ታበላሻላችሁ። ስህተቱ የዘፈኑ ፋይል ውስጥ ያለው #OFFSET፣ ማለትም የዚያ ዘፈን ብቻ የጊዜ ማካካሻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው የድምፅ ፋይሉ በሌላ ኤምፒስሪ ሲተካ ነው፤ የኤምፒስሪ አንድ ክፋይ 26 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ስለሆነ አንድ ክፋይ ቢጨመር ወይም ቢጎድል «ማርቨለስ» የነበረው «ፐርፌክት» ይሆናል። በጨዋታው መሃል F11 እና F12 የዚያን ዘፈን ኦፍሴት ብቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሳሉ፣ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ እንደሆነ ጌሙ ይጠይቃል።

ምልክት፦ ሲጀምር ጥሩ፣ ወደ መጨረሻው ሁሉም «ግሬት»

ድካም ሊመስል ይችላል፣ ግን በፋይሉ የተጻፈው ፍጥነት ከዘፈኑ ትንሽ የተለየ ሊሆን ይችላል። ዘፈኑ በደቂቃ 150 ምት ሆኖ #BPMS ላይ 150.1 ቢጻፍ እያንዳንዱ ምት በ0.27 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ማንም አይሰማውም። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ግን 150 ምት አልፏል፣ ልዩነቱም 40 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በሁለተኛው ደቂቃ መጨረሻ 80። እንግዲህ ፍጹም የሚመታ ሰው «ማርቨለስ» ጀምሮ በ«ፐርፌክት» አልፎ «ግሬት» ላይ ይደርሳል።

ለማረጋገጥ F7ን ተጫኑ፤ በየቀስቱ ላይ ጭብጨባ ይሰማል። F8 ደግሞ ጌሙ ራሱ እንዲጫወት ያደርጋል፣ ስለዚህ እጃችሁን አስቀምጡና አዳምጡ። ጭብጨባውና ዘፈኑ በአንድ ድምፅ ማጉያ ስለሚወጡ የብሉቱዝ መዘግየት እዚህ አያሳስታችሁም። ጭብጨባው ቀስ በቀስ ከከበሮው እየቀደመ ከሄደ ፋይሉ ፈጥኗል፤ ወደ ኋላ ከቀረ ዘግይቷል። ከዚህ በኋላ ኦፍሴትን ብትነኩ አንዱን ጫፍ አድናችሁ ሌላውን ታበላሻላችሁ፤ መታረም ያለበት ፍጥነቱ ነው።

ምልክት፦ ሁለትና ሦስት ቀስት አብረው ሲመጡ አንዱ «ሚስ» ይላል

ይህ የጊዜ ችግር አይደለም። ርካሽ ኪቦርዶች አንዳንድ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ አንዱን አያስተላልፉም። ጌሙን ትታችሁ የጽሑፍ ገጽ ክፈቱና ለመጫወቻ ያሰባችኋቸውን አራት ፊደሎች በአንድ ጊዜ ተጫኑ። አራቱም ካልተጻፉ በሌላ ፊደል ጥምረት ሞክሩና አራቱም የሚወጡበትን በቁልፍ ምደባው ላይ አስገቡ። የቀስት ቁልፎች በዚህ በሽታ በብዛት ይጠቃሉ፤ እንደ ዲ፣ ኤፍ፣ ጄ እና ኬ ያሉት ግን ለሁለት እጅም ይመቻሉ።

ምልክት፦ አማካዩ ዜሮ ነው፣ ዳኝነቱ ግን ይዘላል

F6 የሚያሳየው መበታተን 25 ወይም 28 ከሆነ ኦፍሴታችሁ ተስተካክሏል፤ ቀሪው እጃችሁና የስክሪኑ ፍጥነት ነው። 60 ሄርዝ ስክሪን ሥዕሉን የሚቀይረው በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ፍሬም ሲጥል ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል። ከጀርባ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች ዝጉ፣ የጌሙን የሥዕል ጥራት ዝቅ አድርጉና እንደገና ለኩ። መበታተኑ ካልቀነሰ የዘፈኑን ደረጃ በአንድ አውርዱ፤ ምታችሁ የሚሰበሰብበትን ደረጃ ካገኛችሁ በኋላ ወደ ላይ ውጡ።