የንፋስ ጉምጉምታ ሲወጣ የሰው ድምፅ ከሳሳ

ችግሩ። እንጦጦ ላይ ደጅ የተቀረፀ ቃለ ምልልስ እንውሰድ። ተናጋሪው ድምፃቸው ጎርናና የሆነ አዛውንት ናቸው፤ ከንግግራቸው ስር ንፋሱ ያለማቋረጥ ይጎመጉማል። በድምፅ ማረሚያው ፕሮግራም በአውዳሲቲ ሃይ ፓስ ፊልተሩን 150 ሄርዝ ላይ ስናደርገው ጉምጉምታው ጠፋ፤ የእሳቸውም ድምፅ ግን አብሮ ሳሳ፤ ከደረት የሚወጣው ክፍል የለም።

ምክንያቱ። ፊልተሩ ንፋስንና ሰውን አይለይም። ከሰጠነው ቁጥር በታች ያለውን ሁሉ ይቀንሳል። የንፋስ ጉምጉምታ አብዛኛው ጉልበቱ ከ100 ሄርዝ በታች ነው፤ የጎርናና ወንድ ድምፅ መሠረት ደግሞ እዚያው አጠገብ፣ 110 ሄርዝ አካባቢ ይጀምራል። 150 ላይ የተደረገ የ24 ዴሲቤል ፊልተር፣ ማለትም ከዚያ በታች ሄርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር 24 ዴሲቤል ያህል የሚቀንስ፣ ይህን መሠረት 11 ዴሲቤል ያህል ይቀንሰዋል። የሳሳው ለዚህ ነው።

መፍትሄው። ቁጥሩን በግምት አይስጡ። መጀመሪያ ንፋስ ብቻ የሚሰማበትን ቦታ፣ ቀጥሎ ንግግር ያለበትን መርጠው በ`Analyze > Plot Spectrum` ይመልከቱ። `Size` 8192 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ ካነሰ ዝቅተኛው ክፍል ተድበስብሶ ይታያል። በእኛ ቅጂ የንፋሱ እብጠት 60 ሄርዝ አካባቢ ያበቃል፤ የንግግሩ የመጀመሪያ ጫፍ 110 ላይ ነው። ስለዚህ `High-Pass Filter` ውስጥ `Frequency` 80፣ `Roll-off` 24 እንሰጠዋለን።

ብዙ ሰው 24 ከበድ ይለዋል ብሎ 12 ይመርጣል። እዚህ ግን የሚጠቅመው 24 ነው፦ 40 ሄርዝ ላይ ንፋሱን 24 ዴሲቤል ሲቀንስ 110 ላይ ያለውን ድምፅ ግማሽ ዴሲቤል እንኳ አይነካም። በ12 ደግሞ ንፋሱ የሚቀንሰው 12 ብቻ ሆኖ ድምፁ አንድ ዴሲቤል ያጣል። ተናጋሪዋ ሴት ብትሆን መሠረቷ ብዙ ጊዜ 200 አካባቢ ስለሆነ እስከ 120 መውጣት ይቻላል።

ውጤቱን በሄድፎን ያዳምጡ። የስልክ ስፒከር ይህን ዝቅተኛ ድምፅ ስለማያወጣው ንፋሱ የጠፋም፣ ድምፁ የሳሳም መሆኑን አይነግርዎትም።

80 ላይም ከሳሳ የመቅረጫውን ወይም የማይኩን ሎው ካት ይመርምሩ። ሲቀረፅ በርቶ ከነበረ ሁለት ፊልተር ተደራርቧል፤ የአውዳሲቲውን አይጠቀሙ።

አልፎ አልፎ ብቻ ከጎመጎመ፣ ብርቱ ንፋስ ከ100 ሄርዝ በላይም ይወጣል። ለእሱ ሲባል ቅጂውን በሙሉ አያሳሱ። ያን ቦታ ብቻ መርጠው 120 ወይም 150 ይስጡት።

ከጉምጉምታ ይልቅ ከተንቃቃ ሞገዱን አጉልተው ይዩት። ጫፉ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ከሆነ ንፋሱ ማይኩን ከአቅሙ በላይ ገፍቶታል፤ መንቃቃቱ በንግግሩ ከፍታ ሁሉ ስለተበተነ ሃይ ፓስ አያወጣውም። ያን ክፍል ቆርጦ መጣል ወይም ማይኩን ፀጉራም የንፋስ መከላከያ አልብሶ እንደገና መቅረፅ ነው።