አደይ አበባው በዕንቁጣጣሽ ዕለት ሳይጠወልግ እንዲቆይ
ለዕንቁጣጣሽ ቤትዎን በአደይ አበባ ለማስጌጥ ካሰቡ፣ አበባውን በዋዜማው አመሻሽ ላይ፣ ገና ካልፈነዱ እምቡጦች ጋር ቀላቅለው ይቁረጡና ወዲያውኑ ውኃ ውስጥ ያስገቡት። ውኃው ውስጥ የሚጠልቀው የግንዱ ክፍል ቅጠል ሊኖረው አይገባም፤ ቅጠሉ ሲበሰብስ ውኃው ይደፈርሳል፣ አበባውም አንገቱን ይደፋል። ይህን ምልክት ካዩ የግንዱን ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ ቆርጠው ውኃውን ይለውጡ። ቢጫው ጎልቶ እንዲታይ ከነጭ የጠረጴዛ ልብስና ከቄጠማው አረንጓዴ በቀር ሌላ ቀለም ባይጨመር እመርጣለሁ። በእጅ ለሚሠራው የመልካም ምኞት ካርድ ደግሞ ቀድመው የፈነዱ ጥቂት አበባዎችን ከሳምንት በፊት በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል አድርገው ከባድ መጽሐፍ ይጫኑባቸው፤ እርጥበት የቀረው አበባ ካርዱ ላይ ስለሚሻግት፣ በደንብ መድረቁን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ በስሱ በተቀባ ኮላ ይለጥፉት።