ሐ እና ዐን ከምላስ ሥር ማውጣት

ትግርኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ «አንድ» ማለት የሆነውን «ሓደ» አብዛኛውን ጊዜ ወይ «ሃደ» ወይ «ኻደ» ብሎ ይጠራዋል፤ እኛ ሐ እና ዐን በጽሕፈት ብናቆያቸውም ድምፃቸውን ከተውን ሰንብተናልና። መፍትሔው መነጽር ለመወልወል እንደሚደረገው «ሃ» ብሎ መተንፈስ፣ ከዚያም ትንፋሹን ሳያቋርጡ፣ የምላስን ጀርባ ወደ ላይ ሳያነሡ፣ የምላስን ሥር ብቻ ወደ ጉሮሮ የኋላ ግድግዳ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው፤ መተላለፊያው ሲጠብ ትንፋሹ ይጠነክራል፣ ሐ የሚሰማውም ያን ጊዜ ነው። እዚያው እንዳሉ የድምፅ አውታሮችን ቢያርገበግቡ «ዓይኒ» የሚጀምርበትን ዐ ያገኛሉ።

እንደ ማንኮራፋት ያለ ሻካራ ድምፅ ከተሰማ ግን የምላስ ጀርባ ወደ እንጥል ተነሥቷል ማለት ነው፤ ያ የፈረንሳይኛው «ር» ሰፈር እንጂ የሐ አይደለም። ሌላው ምልክት አናባቢው ነው፦ የምላስ ሥር ወደ ኋላ ሲሳብ አፍ ይከፈትና አናባቢው ወደ ራብዕ ያዘነብላል፤ በትግርኛ ከሐ እና ከዐ በኋላ የግዕዙ አናባቢ እንደ ራብዕ የሚነበበውም (አንዳንዱ ጸሐፊ ከናካቴው «ሓ» እና «ዓ» ብሎ ይጽፈዋል) በዚሁ ምክንያት ነው።