የጠዋቱና የከሰዓቱ ዳቦ አንድ እንዲሆን
ሱሉልታም ሆነ ለገጣፎ ትንሽ ዳቦ ቤት ያላችሁ፣ ከማቡኪያ ማሽኑ አጠገብ በሚለጠፈው የጥራት ወረቀት ላይ የመጀመሪያው መስመር የሊጥ ሙቀት ይሁን። የንጋቱ ብርድ እርሾውን ያዘገየዋል፤ በተለመደው ሰዓት ምድጃ የገባው ዳቦም ትንሽና ጠጣር ሆኖ ይወጣል። ለሊጡ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለማችሁ፣ 26ን በ2 አባዙና ከውጤቱ ላይ የዱቄቱን ሙቀት ቀንሱ፤ የሚቀረው የውሃው ሙቀት ነው። ዱቄቱ 14 ከሆነ ውሃው 38 ይሆናል ማለት ነው። ማሽኑም በመፈተግ ሊጡን ስለሚያሞቅ፣ ተቦክቶ ሲያበቃ ለክታችሁ መዝግቡ፤ 28 ካሳየ ለሚቀጥለው ውሃውን 4 ዲግሪ አውርዱ።

ሁለተኛው መስመር ሚዛን ነው፤ በዓይን ግምት የተቆረጠ ሊጥ እኔ አላምንም። በመጨረሻም ምድጃ ከመግባቱ በፊት ሊጡን በጣት ጫን አድርጉት። ጉድጓዱ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፤ ወዲያው ከተመለሰ ግን፣ ሰዓቱ ምንም ቢል፣ ይቆይ።