ፎሎወር ሳትቆጥሩ፣ ምርታችሁን የሚያስተዋውቅ ቲክቶከር እንዴት ትመርጣላችሁ?

እንበል በጠርሙስ የታሸገ ዳጣ ልትጀምሩ ነው። ለጊዜው የሚገኘው አራት ኪሎ፣ ስታዲየምና ሜክሲኮ አካባቢ ባሉ አምስት ሱቆች ብቻ ነው። ሪያድ ያለች እህታችን ቪዲዮውን አይታ ልብ ብትልክላችሁ ደስ ይላል፣ ግን ጠርሙሱን አትገዛም። ስለዚህ የምትፈልጉት ታዋቂ ሰው ሳይሆን ተመልካቾቹ በታክሲ ሱቁ ድረስ መምጣት የሚችሉለትን ሰው ነው።

ሁለት እጩ አላችሁ እንበል። አንደኛዋ 62 ሺህ ፎሎወር አላት፣ ሁለተኛው 6 ሺህ።

መጀመሪያ እይታውን ደርድሩ። ከላይ ፒን የተደረጉትንና ገና ከተለቀቁ ሦስት ቀን ያልሞላቸውን ዝለሉ። ከዚያ የቅርብ ዘጠኝ ቪዲዮዎችን እይታ ከትንሽ ወደ ትልቅ ጽፋችሁ መሃል ላይ ያለውን፣ ማለትም አምስተኛውን ውሰዱ። አማካይ አታውጡ፣ ምክንያቱም አንድ የፈነዳ ቪዲዮ ሂሳቡን ሁሉ ያዛባዋል። የልጅቷ አንዱ ቪዲዮ 400 ሺህ ሰው አይቶት ይሆናል፣ አምስተኛው ግን 3,100 ነው። የልጁ 2,400። በፎሎወር አሥር እጥፍ ትበልጠው ነበር፣ እዚህ ስትደርሱ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ቀጥሎ ኮሜንት አንብቡ። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት፣ ዋናው ሥራ ይሄ ነው። «በቅንነት ደምሩኝ»፣ «ቤተሰብ እንሁን»፣ እና እሳትና ልብ ብቻ የሆነውን ወደ ጎን አድርጉት፤ እርስ በርስ ኮሜንት ሊጻጻፉ የተስማሙ ሰዎች የሚጽፉት ስለሆነ ስሞቹ ቪዲዮ በቪዲዮ ይደጋገማሉ። «ውይ ስታምሪ» የሚለውም ለሷ እንጂ ለዳጣችሁ አይጠቅምም። የምትፈልጉት «የት ነው ቤቱ?»፣ «ስንት ገባ?»፣ «ሄጄ ነበር፣ እሑድ ዝግ ነው» የሚሉትን ነው። ቲክቶከሩ ሲመልስላቸው ደግሞ እዩት። «ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ፋርማሲው አጠገብ» ብሎ የሚመልስ ልጅ ቦታውን ረግጦታል። «ኢንቦክስ» ብቻ እያለ የሚያልፈው ግን ብዙ ጊዜ የተላከለትን ጽሑፍ አንብቦ የሄደ ነው።

የቆዩ ማስታወቂያዎቹንም ፈልጉ። ባለፈው ወር አንዱን በርበሬ «ከዚህ ሌላ አልበላም» ብሎ፣ በዚህ ወር ሌላውን እንደዚሁ ካሞገሰ ተመልካቹ እናንተንም በዚያው ዓይን ያያችኋል። ክፍያ ሲቀበል ማስታወቂያ መሆኑን በግልጽ የሚናገረው ይሻላል፤ ሰዉ ያውቀዋል፣ መደበቁ ነው የሚያስጠላው።

ሦስተኛ፣ ተመልካቹ የት እንዳለ ጠይቁ። ይሄን ከውጭ ማየት አትችሉም፣ ባለቤቱ ብቻ ነው የሚያየው። ቡና ጋብዟቸውና የቲክቶካቸውን አናሊቲክስ ፊት ለፊታችሁ ይክፈቱት፤ በአካል ካልተመቸ ስክሪን ሪኮርድ ይላኩ። ስክሪንሾት ላይ ቁጥር መቀየር ቀላል ስለሆነ አትቀበሉ። የፎሎወሩን ሳይሆን የተመልካቹን አገር እዩ፣ ከተማም ካሳየ እሱንም። የልጅቷ ተመልካቾች 35 በመቶው ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ቢሆኑ፣ ከ3,100 ወደ 1,085 ወረደች ማለት ነው። የልጁ 80 በመቶ ቢሆን 1,920 ሰው አለው። 6 ሺው 62 ሺውን በለጠው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ «የፒያሳ ልጅ ነኝ» የሚለውን ብቻ ይዛችሁ አትወስኑ። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ብዙ የሰፈሩ ሰው ወደ ዳር ሄዷል፣ ተከታዮቹም አብረው ሄደው ሊሆን ይችላል።

የቴሌግራም ቻናል ከሆነ ነገሩ ያጥራል። ከእያንዳንዱ ፖስት ሥር ያለችውን የእይታ ቁጥር ተመልከቱ። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለውም፣ የኮንዶሚኒየም ኪራይ ማስታወቂያውም፣ ቀልዱም ሁሉም 5 ሺህ አካባቢ ላይ ቀጥ ብለው ከቆሙ እይታው ሳይገዛ አይቀርም። እውነተኛ ቻናል ላይ ቁጥሩ ይዋዥቃል።

መጨረሻ ላይ በትንሹ ሞክሩ። ሁለት ሦስት ጠርሙስ ስጧቸውና የምታስተካክሉት ስህተት ካልሆነ በቀር የሚናገሩትን ጽፋችሁ አትስጡ። ለእያንዳንዱ የተለየ ቃል ስጡ፣ ለምሳሌ ለአንዷ «ሚጥሚጣ»፣ ለሌላው «ቃሪያ»። ቃሉን ለሱቁ የተናገረ ደንበኛ 20 ብር ይቀነስለታል፣ ባለሱቁም ካሽ መቀበያው አጠገብ ባለች ደብተር አንድ ጭረት ይጭራል። ቅናሹ ከእናንተ ኪስ መውጣቱን ለባለሱቁ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አለበለዚያ አይጭርም። ቃሉን ረስቶ የሚገዛ ሰው ስለሚኖር ጭረቱ ከእውነተኛው ሽያጭ ያንሳል፤ ግን ጉድለቱ ለሁለቱም ስለሆነ ማወዳደር ይቻላል። ሁለት ሳምንት ጠብቁና ለእያንዳንዳቸው የወጣውን ወጪ፣ ቅናሹንም ጨምራችሁ፣ ለጭረቱ አካፍሉት። አንድ ደንበኛ ለማምጣት የወጣው ከጠርሙሱ ትርፍ ከበለጠ፣ በሚቀጥለው ዙር ያንን ሰው አትጥሩት፤ ደንበኛው ተመልሶ እንደሚገዛ ካላወቃችሁ በቀር።