እርጎው ውሃ አቀረረ? መድፋቱ ይቆይ

ቤት ውስጥ እርጎ ሠርቼ ለጎረቤት እሸጣለሁ። ስልኬ ላይ የሚመጣው አቤቱታ ሁሌ አንድ ነው፦ «እርጎው ተበላሽቷል፣ ውሃ አውጥቷል።»

አልተበላሸም። አጓት ነው፤ አይብ ስታወጡ የሚቀረው ያው ቢጫ አረንጓዴ ፈሳሽ። ወተቱ ሲረጋ ውሃውን አቅፎ ይይዛል፤ በማንኪያ ሲነካ ወይም ታክሲ ውስጥ ሲንገጫገጭ ይለቀዋል። ማታ ሁለት ማንኪያ ከቀነሳችሁለት ጠዋት ጉድጓዱ አጓት ሞልቶ ይጠብቃችኋል። አማስላችሁ ብሉት። ወፍራም ከወደዳችሁ አጓቱን ቅዱና ለዳቦ ሊጥ አድርጉት።

ሁልጊዜ ብዙ የሚወጣ ከሆነ ግን አሠራሩ ላይ ነው ችግሩ። አንዲት ደንበኛዬ ማሰሮዋን ታቅፋ መጣች፣ «እርሾሽ ሞቷል» እያለች። ከፍቼ አየሁት፤ ግማሹ አጓት፣ እርጎው ተኮማትሮ ከማሰሮው ግድግዳ ተላቋል። መቼ እንዳረጋችው ጠየቅኋት። ማታ ሁለት ሰዓት በብርድ ልብስ ጠቅልላ ምድጃ ጥግ አስቀምጣ፣ የከፈተችው በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ! አሥራ ስድስት ሰዓት ሙሉ! እርሾው ሞተ? ኧረ ከመጠን በላይ ሠራ እንጂ።

እንዲህ አድርጊ አልኳት። ወተቱን በደንብ አፍዪው። ትንሿ ጣትሽ እስከ አሥር ስትቆጥሪ የምትችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ፣ ማለትም 45 ዲግሪ አካባቢ፣ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርጎ ጨምሪ። ከዚያ በኋላ አትነቅንቂው፣ እየከፈትሽም አትዪ። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ውስጥ ይረጋል፤ እንደረጋ ወዲያው ፍሪጅ። በሚቀጥለው ሳምንት ከላይ የቀረረላት አንድ ማንኪያ አይሞላም።

የሚደፋው የቱ ነው? እርጎው በአረፋ ተበሳስቶ ወደ ላይ ከተንሳፈፈና አጓቱ ከሥር ከሆነ ድፉት። ጋዝ ነው ያነሳው፤ ወተቱ ወይም ዕቃው ቆሽሿል። ሻጋታ፣ ሮዝ ቀለም፣ የጠላ ሽታ፦ ሁሉም ይደፋል። ሻጋታውን ገፎ የታችኛውን መብላት የለም። እባካችሁ።

የሱቅ እርጎ ቀኑ ቢያልፍስ? ሳይከፈት፣ በ4 ዲግሪ ሳይቋረጥ የቆየ ከሆነ አንድ ሳምንት ቢያልፈው አብዛኛውን ጊዜ ይኮመጥጣል እንጂ አይጎዳም። ከተከፈተ በሳምንት ውስጥ ይለቅ። ግን ቀኑን ብቻ አትመኑ። አንድ ጊዜ አሥር ቀን የቀረው ስድስት ኩባያ ገዝቼ ክዳናቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ አገኘሁት። ባለሱቁ ለካ መብራት ለመቆጠብ ማታ ማታ ፍሪጁን ያጠፋል! «ቀኑ ገና ነው እኮ» ይለኛል ደግሞ። ክዳኑ የተነፋ ነገር አይቀመስም፣ ለልጅ ደግሞ ጭራሽ።

ካልፈላ ወተት የረጋ እርጎ ላይ መጣፈጡም መኮምጠጡም ዋስትና አይሆንም። ነፍሰ ጡር እሱን አትንካ።